ደካማ፣ ከፊል ጠንካራ፣ ጠንካራ፦ የትኛውን የገበያ ቅልጥፍና የሚያፈርሰው የትኛው ማስረጃ ነው?

ሄለን_ፒያሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ፋይናንስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አንድ የቡድን አሳይመንት ላይ ተጨቃጭቀን ልንጣላ ደርሰናል።

ጥያቄው አጭር ነው። ዩጂን ፋማ በ1970 የገበያ ቅልጥፍናን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። ደካማው የድሮ ዋጋዎች በሙሉ ዛሬ ዋጋው ውስጥ ገብተዋል ይላል። ከፊል ጠንካራው በይፋ የወጣ መረጃ ሁሉ ገብቷል ይላል። ጠንካራው ደግሞ በጓዳ ያለው ሚስጥር ሳይቀር ገብቷል ይላል። መምህራችን ለእያንዳንዱ «ይህ ከተገኘ አባባሉ አይሠራም» የሚያሰኝ ማስረጃ አምጡ አሉን።

አንዱ የቡድናችን ልጅ ለጠንካራው ዋረን በፌትን ጻፈ። ሌላዋ ለደካማው የ2008ን የዋጋ መውደቅ ጻፈች። ሁለቱም ቦታቸው አይመስለኝም፤ ግን ለምን እንደሆነ ሳስረዳ ይምታታብኛል። እስቲ እርዱኝ።

ቻርት_ወዳጅ

ሄሉ፣ ይሄ ቀላል ነው። ደካማው ከሞተ ቆይቷል። እኔ ራሴ ቻርት አይቼ ነው የምገበያየው። ሲወጣ እገዛለሁ፣ ሲደክም እወጣለሁ። ባለፈው ሦስት ወር ትርፍ ላይ ነኝ። የድሮ ዋጋ ምንም የማይነግር ቢሆን ይሄ እንዴት ይሆናል? እኔን ጥቀሺና ጨርሺ 😄

ባለ_መነጽሩ

ቻርት_ወዳጅ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ግን አንተን ብትጠቅስ መምህሯ ዜሮ ይሰጧታል።

በመጀመሪያ ለሄለን። ጓደኛሽ የጻፈችው የ2008 መውደቅ ደካማውን አይነካም። ደካማው ቅርጽ «ዋጋ አይወድቅም» አላለም። «መውደቁን ከድሮ ዋጋ አንብበህ፣ ቀድመህ ወጥተህ አታተርፍም» ነው ያለው። ገበያ በአንድ ቀን 10 በመቶ ቢወርድ እንኳ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ከትናንትና ከትናንት በስቲያ ዋጋ ይህን ማወቅ ይቻል ነበር ወይ?

በፌት ደግሞ የተቀመጠው የተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ነው። ሰውዬው የሚታወቀው የኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት በማንበብ ነው። ሪፖርቱን ማንም ያገኘዋል። ስለዚህ ትርፉ ዕድል ወይም ለተሸከመው አደጋ የተከፈለው ካልሆነ፣ የሚጋጨው ከከፊል ጠንካራው ጋር ነው። በእርግጥ ከፊል ጠንካራው ከወደቀ ጠንካራውም አብሮ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ጠንካራው ከፊል ጠንካራው ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚጨምረው። ጠንካራውን ብቻ ለይቶ የሚመታ ማስረጃ ግን ሌላ ነው።

ይህችን ያዢ። ደካማው ከፈረሰ ሦስቱም ይፈርሳሉ። ጠንካራው ቢፈርስ ግን ሁለቱ ቆመው ሊቀሩ ይችላሉ።

አሁን ወደ ቻርት። ሦስት ወር ማትረፍ ማስረጃ አይሆንም። በእነዚያ ሦስት ወራት ዝም ብሎ ገዝቶ የተቀመጠ ሰው ስንት አተረፈ? ኮሚሽንና በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ተቀንሷል? ስንት ዓይነት መንገድ ሞክረህ ጥለህ ነው እዚህ የደረስከው? ሃያ መንገድ ከተሞከረ አንዱ በዕድል ብቻ ቢሠራ አይገርምም።

ያም ሆኖ ዋናው ሐሳብህ መሠረት አለው። ናራሲምሃን ጄጋዲሽና ሸሪዳን ቲትማን በ1993 ያሳተሙትን ጥናት ማየት ነው። ከ1965 እስከ 1989 ያለውን የአሜሪካ አክሲዮን ወሰዱ። አክሲዮኖቹን ባለፉት 6 ወራት ባስገኙት ትርፍ ደረደሯቸው። ከላይ ያለውን አሥር በመቶ ገዙ፣ ከታች ያለውን አሥር በመቶ ሾርት አደረጉ፣ ማለትም ተበድረው ሸጡ፣ ከዚያ 6 ወር ያዙ። ያገኙት በአማካይ በወር ወደ 1 በመቶ ነው። ሌላ ምንም መረጃ የለም፤ የሒሳብ መግለጫ አልተከፈተም፣ ዜና አልተነበበም። የድሮ ዋጋ ብቻ ነው። ደካማውን ለመምታት የሚመች ማስረጃ እንዲህ ያለው ነው።

ፋማ ራሱ ይህን ነገር ገፍቶ ማስወጣት አልቻለም። ከኬኔት ፍሬንች ጋር የሠራው ባለ ሦስት ፋክተር ሞዴል ሌሎች ብዙ እንግዳ ውጤቶችን ሲያስረዳ፣ ይሄኛውን እንዳላስረዳ በ1996 ሁለቱ ራሳቸው ጽፈዋል።

ቻርት_ወዳጅ

አላልኳችሁም? በወር 1 በመቶ!

ፍራንክፈርት_ትዕግሥት

ቀስ በል ወንድሜ። በወር 1 በመቶው በወረቀት ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። በ6 ወር 6 በመቶ በለው። በየ6 ወሩ የምትገዛቸውን መግዛትና መሸጥ፣ ሾርት ያደረግካቸውን መሸጥና መልሶ መግዛት አለብህ። አራት ግብይት ማለት ነው። አንዱ ግማሽ በመቶ ቢያስወጣህ 2 በመቶ ሄደ፤ 4 ቀረህ። ደህና ነው። ግን ከታች ያሉት ተሸናፊዎች ብዙዎቹ ትናንሽ ኩባንያዎች ናቸው፤ ገዢና ሻጭ የማይበዛባቸው። ወጪው ከፍ ብሎ አራቱም ግብይቶች እያንዳንዳቸው 1.5 በመቶ ካስወጡህ ስድስቱም አለቁ። ለሾርት የተበደርከው አክሲዮን ኪራይ ገና አልተነሳም።

ሌላም አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2009 (በፈረንጅ) ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ገበያው ከወደቀበት ሲነሳ በጣም የወደቁት ናቸው ተስፈንጥረው የተነሱት። በሦስት ወር ውስጥ የተሸናፊዎቹ ቡድን 163 በመቶ ወጣ። የአሸናፊዎቹ 8 በመቶ ብቻ። ያን ጊዜ ተሸናፊዎቹን ሾርት ያደረገ ሰው ምን እንደደረሰበት አስበው።

የኔ ነጥብ ይህ ነው። ያ ትርፍ አልፎ አልፎ ለሚመጣ እንዲህ ያለ ውድመት የሚከፈል ካሳ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ገበያው አልተሳሳተም። «ከሚገባው በላይ ተገኘ» ለማለት መጀመሪያ የሚገባው ስንት እንደሆነ የሚነግርህ ሞዴል ያስፈልጋል። ውጤቱ አልገጥም ሲል ስህተቱ የገበያው ይሁን የሞዴሉ አታውቅም። ፋማ ራሱ ይህን ደጋግሞ ብሎታል። ስለዚህ ሄለን፣ «ያፈርሰዋል» ብለሽ አትጻፊ፤ «ይቃረነዋል» በይ።

ባለ_መነጽሩ

ትዕግሥት፣ በሙሉ አልስማማም። የአደጋ ካሳ ከሆነ አደጋው ምን እንደሆነ ቀድሞ መነገር አለበት። ውጤቱን አይቶ «እንግዲያው አደጋ ይኖረዋል» ማለት ክርክሩን የማይሸነፍ ያደርገዋል። ወጪውን በተመለከተ ግን ልክ ነሽ። ትልልቅ አክሲዮኖች ላይ ብቻ ሲሠራ ትርፉ ያንሳል፣ ግን አይጠፋም። ይቺ ላይ እኔና አንቺ ሳንግባባ ብንቀር ችግር የለውም፤ ከእኛ የበለጡትም አልተግባቡም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ሰፈር

ሰላም ወገኖች። እኔ እዚህ ዲሲ አካባቢ ነው የምነዳው። ተሳፋሪ ስጠብቅ ስልኬ ላይ ትንሽ ትንሽ እገዛለሁ። የኔ ጥያቄ እንዲህ ነው። አንድ ኩባንያ ማታ ላይ አሪፍ የሩብ ዓመት ውጤት አወጣ። ዜናውን እንዳየሁ ጠዋት ገበያው ሲከፈት ገዛሁ። በሁለተኛው ቀን ወረደ። ዜናው ጥሩ፣ ዋጋው ቁልቁል! ይሄ ገበያው መበላሸቱን አያሳይም? ከፊል ጠንካራውን የሚያፈርስ አይሆንም?

ባለ_መነጽሩ

ወንድሜ፣ የአንተ ታሪክ እንዲያውም ወደ ከፊል ጠንካራው ያደላል። ዜናው ማታ ወጣ። ጠዋት ስትገዛ ዋጋው ዜናውን ይዞ ነው የተከፈተው። አንተ የገዛኸው ከዜናው በኋላ ባለው ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ መውጣትም መውረድም እኩል ይጠበቃል። ደግሞ «አሪፍ ውጤት» ከምን ጋር ሲነጻጸር? ገበያው ከዚያ የተሻለ ጠብቆ ከነበረ፣ ያ ዜና መጥፎ ዜና ነው።

አንድ አክሲዮን፣ አንድ ጊዜ፣ ምንም አይናገርም። ብዙ ሺህ ማስታወቂያ ሲደረደር ግን የሚታይ ነገር አለ። ሬይ ቦልና ፊሊፕ ብራውን በ1968፣ ኋላም በርናርድና ቶማስ በ1989 እንዳሳዩት፣ ከተጠበቀው በላይ ውጤት ያወጡ ኩባንያዎች ዋጋቸው ከማስታወቂያው ቀን በኋላም ለሳምንታት ቀስ እያለ ወደላይ ይሄዳል። ያሳዘኑት ደግሞ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ቅልጥፍና ቢኖር እርምጃው ወዲያው ማለቅ ነበረበት። ከፊል ጠንካራውን ይቃረናል የሚባለው ይሄ ነው፤ አንተ የደረሰብህ ግን ያ አይደለም።

ሄለን_ፒያሳ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ግን እሱም ላይ ትዕግሥት «የአደጋ ካሳ ነው» ልትለኝ ነው አይደል? ለከፊል ጠንካራው ያለ ሞዴል የሚቆም ማስረጃ የለም?

ባለ_መነጽሩ

አለ። እንዲያውም ለሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን ሰፈሩ ነው። ኩባንያው ኤንትሪሜድ ይባል ነበር፤ ሮክቪል፣ ሜሪላንድ። ትንሽ የባዮቴክ ኩባንያ ነው።

ታሪኩን በቀን እንከተለው። ቦስተን ያሉ ዶክተር ጁዳ ፎክማን የካንሰር ዕጢን የሚመግቡ የደም ሥሮችን በመዝጋት ዕጢውን የማድረቅ ሐሳብ ነበራቸው። በአይጥ ላይ ጥሩ ውጤት ተገኘ። የዚያ ሥራ የንግድ መብት የኤንትሪሜድ ነው። ውጤቱ በኅዳር 1997 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ኒውዮርክ ታይምስም በዚያው ሰሞን ዘገበው፤ ግን ውስጥ ገጽ ላይ፣ ገጽ A28። በቴሌቪዥንም ተወርቷል። የአክሲዮኑ ዋጋ በዚያ ቀን 28 በመቶ ያህል ከፍ አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መጽሐፉ እንደሚለው ነው፤ ዜና መጣ፣ ዋጋ ተስተካከለ።

ከዚያ አምስት ወር አለፈ። ዓርብ፣ ሜይ 1 ቀን 1998 አክሲዮኑ 12 ዶላር አካባቢ ዘጋ። እሑድ ሜይ 3 ኒውዮርክ ታይምስ ያንኑ ታሪክ እንደገና አወጣው። አሁን ግን በፊት ገጽ። በይዘቱ አዲስ የሳይንስ ግኝት አልነበረበትም ማለት ይቻላል። ሰኞ ጠዋት አክሲዮኑ በ85 ዶላር ተከፈተ። ማታ 52 ዶላር አካባቢ ዘጋ።

ከ12 ወደ 52። በአንድ የሥራ ቀን። ለአምስት ወር ማንም ሊያነበው ይችል በነበረ ወሬ!

ይህን ጉዳይ ጉር ሁበርማንና ቶመር ረገቭ በ2001 መርምረው አሳትመውታል። ያደረጉት ብልህ ነገር «ትርፉ ከሚገባው በላይ ነው ወይ» ብለው አለመጠየቃቸው ነው። የጠየቁት «አዲስ መረጃ ነበረ ወይ» ብለው ነው። ለዚህ ሞዴል አያስፈልግም። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ይበቃል። ከፊል ጠንካራው ትክክል ከሆነ ሁለተኛው ጽሑፍ ዋጋውን ንቅንቅ ማድረግ አልነበረበትም።

የሚገርመው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። በማግስቱ ተመልሶ 12 ቢሆን «የአንድ ቀን ግርግር ነው» ብለን እናልፈው ነበር። በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት ግን ከ30 ዶላር በታች አልዘጋም። በኅዳር 1998 ሌሎች ላቦራቶሪዎች ውጤቱን መድገም እንዳልቻሉ ዎልስትሪት ጆርናል ሲዘግብ በአንድ ቀን 24 በመቶ ወርዶ 25 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ልብ በሉ፤ መጥፎው ዜና ከመጣ በኋላም ያለ አዲስ ነገር ከመዝለሉ በፊት የነበረውን ዋጋ እጥፍ ነበር። እንዲያ ከሆነ ወይ የሜይ 1 ቀኑ 12 ስህተት ነበር፣ ወይ የኅዳሩ 25 ስህተት ነው። የትኛውንም ምረጡ፣ ከፊል ጠንካራው ይቸገራል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ሰፈር

ኧረ ሮክቪል በየቀኑ ነው የማልፈው! እና ያን እሑድ ጋዜጣውን አንብቦ ሰኞ ጠዋት የገዛ ሰው ሀብታም ሆነ ማለት ነው?

ባለ_መነጽሩ

በ85 የገዛ ሰው ማታ ላይ 52 ያዘ። በአንድ ቀን ከሦስት አንድ እጁን በላይ አጣ። ሀብታም የሆነው ዓርብ ይዞ ያደረው ነው። ገበያ ተሳስቷል ማለትና ከስህተቱ ማትረፍ ይቻላል ማለት አንድ አይደሉም። ሰኞ ጠዋት ላይ ዋጋው የተሳሳተ መሆኑን ብታውቅ እንኳ ሾርት ለማድረግ አክሲዮኑን የሚያበድርህ ማግኘት አለብህ፤ ከዚያም 85ቱ 120 ቢሆን የምትቋቋምበት ጉልበት።

ፍራንክፈርት_ትዕግሥት

ይህን ማስረጃ እወደዋለሁ፤ የአደጋ ካሳ በአንድ ቀን አራት እጥፍ አያደርግም። ግን «ምንም አዲስ ነገር የለም» የሚለው ትንሽ ይሳባል። በእሑዱ ጽሑፍ ላይ የኖቤል ተሸላሚው ጄምስ ዋትሰን ስለ ፎክማን ሥራ በትልቁ ተስፋ ያለበት አስተያየት ሰጥተዋል ተብሎ ተጠቅሷል። የአንድ እንዲህ ያለ ሰው ግምገማ ራሱ መረጃ አይደለም?

ባለ_መነጽሩ

ጥሩ ተቃውሞ ነው። እሳቸውም በኋላ አባባሉ እንደተጻፈው አይደለም ብለዋል። ለዚያ ጥቅስ ትንሽ ቦታ ልስጥሽ። ግን 40 ዶላር የሚያወጣ ጥቅስ ነው? ደግሞ በዚያው ሰኞ ሌሎች የባዮቴክ አክሲዮኖችም ዘለዋል፤ ከጽሑፉ ጋር ግንኙነታቸው የላላ ነው።

መርካቶ_ልጅ

እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ነው። የኛስ? ከሁለት ዓመት በፊት የባንክ አክሲዮን ገዝቻለሁ። ዋጋው ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፣ ከዚያ ድንገት አንድ ሰው በሌላ ዋጋ ይገዛል። አሁን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። ታዲያ የኛ ገበያ ደካማውን እንኳ አያልፍም ማለት ነው? ልሽጥ ወይስ ልያዝ?

ባለ_መነጽሩ

ልሽጥ ልያዝ የሚለውን እዚህ አትጠይቅ፣ እኔም አልመልስም።

የመጀመሪያው ጥያቄህ ግን አንድ ወጥመድ አለበት፣ ሄለንም ትስማው። ገበያው የተከፈተው በጥር 2025 በፈረንጅ ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። ገና ልጅ ነው። ግብይት በማይበዛበት ቦታ የምታየው «ዋጋ» ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ግብይት የተፈጸመበት ዋጋ ነው። ያ ምናልባት የባለፈው ሳምንት ነው። መረጃ ዛሬ ይመጣል፣ ዋጋው ግን አንድ ሰው እስኪገበያይ አይንቀሳቀስም። ይህን ተከታታይ ዋጋ ወስደህ ብትመረምር ትናንት ዛሬን የሚተነብይ ይመስላል። እውነቱ ግን ትናንት በዚያ ዋጋ የሚሸጥልህ አልነበረም። ደካማው ፈረሰ ብሎ የሚጮህ ብዙ የታዳጊ ገበያ ጥናት እዚህ ላይ ይሰናከላል። ስለዚህ አሁን ባለው ግብይት የኛን ገበያ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ማለት ጊዜው አይደለም።

ሄለን_ፒያሳ

እሺ፣ ጠንካራው ቀረ። እሱ ቀላል አይደለም እንዴ? የውስጥ አዋቂ የሚያተርፍ ከሆነ አለቀለት። ክልከላ ያለውም ለዚያ ነው። የኛው የካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013 እንኳ ይከለክለዋል። ሕግ የሚከለክለው ነገር ቢያንስ የሚያተርፍ ነገር ነው።

ባለ_መነጽሩ

ጎበዝ። ከሦስቱ ጠንካራው ነው ቶሎ የሚሰበረው። ፋማም በ1970 ቃል በቃል እውነት ነው ብሎ ሳይሆን፣ ከእሱ ምን ያህል እንደራቅን መለኪያ አድርጎ ነው ያቀረበው።

አንድ ጉዳይ በቅርብ እንየው። መስከረም 23 ቀን 2008 በፈረንጅ፣ የጎልድማን ሳክስ ቦርድ በስልክ ስብሰባ ላይ ነው። ሌማን ብራዘርስ ከወደቀ ሳምንቱ ነው፣ ሁሉም ፈርቷል። ቦርዱ የበፌት ኩባንያ በርክሻየር 5 ቢሊዮን ዶላር ሊያስገባ መሆኑን ሰማ፣ አጸደቀ። የቦርድ አባሉ ራጃት ጉፕታ ስብሰባው እንዳበቃ በደቂቃ ውስጥ ለራጅ ራጃራትናም ደወሉ፤ የጋሊዮን ፈንድ ባለቤት ነበር። ገበያው ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩ ጋሊዮን የጎልድማን አክሲዮን ገዛ። ዜናው ለሕዝብ የተነገረው ከተዘጋ በኋላ ነው። በማግስቱ ዋጋው ከፍ ብሎ ተከፈተ፤ ሸጡት። ትርፉ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ራጃራትናም በ2011 ተፈርዶበት 11 ዓመት ተቀጣ፣ ጉፕታ በ2012 ተፈርዶባቸው 2 ዓመት።

በዚያች ደቂቃ ሚስጥሩን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፣ ዋጋው ግን አላወቀም። ጠንካራው ቅርጽ አይቻልም ያለው ይህን ነው።

ነገር ግን አንድ ወንጀል ሰበር ዜና ነው፤ ለአሳይመንት ግን አይበቃም። የተያዙትን ብቻ ነው የምናየው። የተሻለ የሆነው ነጃት ሰይሁን በ1986 ያሳተመው ነው። አሜሪካ ውስጥ የኩባንያ ኃላፊዎች የራሳቸውን ኩባንያ አክሲዮን በሕጋዊ መንገድ ሲገዙና ሲሸጡ ማስታወቅ አለባቸው። እነዚያ ሪፖርቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ኃላፊዎቹ ከገዙ በኋላ ዋጋው ከገበያው በላይ ይወጣል፣ ከሸጡ በኋላ ወደታች ያዘነብላል። ጠንካራው ተመታ።

የሚጥመው ቀጣዩ ክፍል ነው። ሪፖርቱ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ አይቶ የሚከተላቸው ሰው ወጪው ሲቀነስ የሚተርፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል። አየሽ? ከአንድ ፋይል ሁለት መልስ ነው የሚወጣው። ሚስጥሩን የያዘው ያተርፋል፣ ስለዚህ ጠንካራው ፈረሰ። ይፋ ሲሆን ግን ጥቅሙ አለቀ፣ ስለዚህ ከፊል ጠንካራው በዚህ ማስረጃ ቆሞ ቀረ። «የውስጥ አዋቂ ያተርፋል» ብለሽ ሦስቱንም ለማፍረስ የሚሞክር የቡድን አባል ካለ ይህን አሳዪው።

ቻርት_ወዳጅ

ጠንካራው ያን ያህል በቀላሉ ይሰበራል? ቻሌንጀርስ? መንኮራኩሯ በጥር 28 ቀን 1986 ስትፈነዳ ምክንያቱን ማንም አያውቅም ነበር። ከአራቱ ዋና ተቋራጮች ውስጥ ግን ሞርተን ታዮኮል የሚባለው በቀኑ መጨረሻ 12 በመቶ ያህል ወደቀ፣ ሌሎቹ 2 እና 3 በመቶ። ኮሚሽኑ ጥፋቱ የታዮኮል ሮኬት ማሸጊያ ጎማ መሆኑን ያሳወቀው በሰኔ ነው። ገበያው በዚያው ቀን አወቀ! ሚስጥሩ ዋጋ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም?

ፍራንክፈርት_ትዕግሥት

ይሄ የምር ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ቻርት። ማሎኒና ማልሄሪን በ2003 ያጠኑት ነው። ግን እስቲ ሰዓቱን ተመልከት።

የታዮኮል መሐንዲሶች በዋዜማው ማታ ብርዱ ማሸጊያውን ያበላሻል፣ አትልቀቁ ብለው ተከራክረዋል። ስለዚህ የግል መረጃው ጥር 27 ማታ ነበረ። ገበያው በማግስቱ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ተከፈተ። ፍንዳታው ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ39 ላይ ነው። ጠንካራው ቅርጽ እንደቃሉ ከተወሰደ የመሐንዲሶቹ ስጋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ዋጋው ውስጥ መኖር ነበረበት። የሽያጩ ጎርፍ የመጣው ግን ከፍንዳታው በኋላ ነው፤ እንዲያውም ሻጭ ስለበዛ የታዮኮል ግብይት በደቂቃዎች ውስጥ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር።

ታዮኮል ገበያው የግል ዕውቀትን በፍጥነት እንደሚስብ ያሳያል። ቀድሞ እንደያዘው ግን አያሳይም።

ባለ_መነጽሩ

ትዕግሥት፣ እዚህ ላይ ለቻርት ልቁም። መሐንዲሶቹ የነበራቸው ስጋት ነው፤ እርግጠኝነት አልነበረም። ከዚያ በፊት የበረሩት ሁሉ በሰላም ተመልሰዋል። ስጋቱ ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዋጋው ውስጥ ቢገባ እንኳ ስንት ሳንቲም ነበር የሚያወርደው? ምናልባት በዓይን የማይለይ። ስለዚህ የጠዋቱ ዝምታ ጠንካራውን ይቃረናል ለማለት ይከብደኛል። እኔ ብሆን ታዮኮልን ለሁለቱም ወገን አልጠራውም።

ፍራንክፈርት_ትዕግሥት

ይከበርልኝና አልስማማም። እርግጠኛነት አያስፈልግም። የአደጋው ዕድል ከፍ ካለ ዋጋው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ሊለካ ይችላል ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው።

ባለ_መነጽሩ

ካልተለካ ደግሞ ማስረጃ አይባልም፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ነው።

ሄለን_ፒያሳ

ለደካማው ጄጋዲሽና ቲትማን ከነ2009ኙ ጣጣ፣ ለከፊል ጠንካራው ኤንትሪሜድ፣ ለጠንካራው የኃላፊዎቹ ሪፖርት ከነሁለት መልሱ። በፌትንና 2008ን አወጣኋቸው። የበፌቱ ልጅ አኩርፏል።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ። ማክሊንና ፖንቲፍ በ2016 ባሳተሙት ላይ፣ እንዲህ ያሉ 97 የትርፍ ምልክቶች በመጽሔት ከታተሙ በኋላ ትርፋቸው በአማካይ በ58 በመቶ እንደቀነሰ አነበብኩ። ታዲያ ደካማውን የሚቃረን ማስረጃ ሲታተም ራሱን ያጠፋል? እንዲያ ከሆነ የ1993ቱ ጥናት ዛሬም ማስረጃ ነው?

ባለ_መነጽሩ

በ1965 እና በ1989 መካከል ስለነበረው ገበያ ማስረጃ ነው፤ እሱ አይቀየርም። ስለ ዛሬው ለመናገር የዛሬውን ዳታ ማየት ይጠይቃል። የ58ቱ ቅናሽ በከፊል መጀመሪያውኑ በዕድል የተገኘ ስለሆነ ነው፤ በዚያው ጥናት ላይ ከናሙናው ውጪ ግን ገና ሳይታተም ያለው ቅናሽ 26 በመቶ ነው። የቀረው ሰው አንብቦ ስለገባበት ይመስላል። የማይጠፋው ቀሪ ለምን እንደማይጠፋ ደግሞ ትዕግሥት «አደጋ» ትላለች፣ እኔ «ወጪና ገደብ» እላለሁ። አሳይመንቱ ላይ ሁለታችንንም ጻፊን።

ቻርት_ወዳጅ

እኔን ግን አትጽፉኝም ማለት ነው?

ሄለን_ፒያሳ

ሦስት ዓመት ሙሉ ወጪህን ቀንሰህ መዝግበህ አምጣ 😄